ጉዳዩ፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስለመጠየቅ

አንዲት የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ ለቃለ መጠይቅ መጠራቷን ያወቀችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የቀጣሪው ድርጅት ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ደውሎላት ነበር፤ እሷ ደግሞ መስማት የተሳናት ናት። ከዚያ ወዲህ ከማመልከቻዋ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ታያይዛለች።

ደብዳቤው ለሰው ኃይል አስተዳደር ይጻፋል፦ «የምግባባው በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስለሆነ ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ እንዲመቻችልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቀኑን በስልክ ጥሪ ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት፣ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ቢያሳውቁኝ።» ሳምንቱን የምትጠይቀው በቂ ልምድ ያላቸው አስተርጓሚዎች ጥቂት ስለሆኑና ቀድመው ስለሚያዙ ነው። ቀጣሪው ከየት እንደሚያገኝ እንዳይቸገር የመስማት የተሳናቸውን ብሔራዊ ማኅበር ትጠቁመዋለች።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «በወረቀት እየተጻጻፍን እንጨርሰዋለን» የሚል ነው። በቅንነት የተባለ ቢሆንም፣ ለሌሎች አመልካቾች በቃል የተሰጠው ግማሽ ሰዓት ለእሷ በመጻፍና በማንበብ ያልቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በምልክት ላደገ ሰው ደግሞ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል፤ የጽሑፉ ጉድለት ከሙያው ጋር ተደባልቆ ይታይበታል። እህት ወይም ወንድም ይዞ መምጣትም አያዋጣም፤ ዘመድ ጥያቄውን ያሳጥራል፣ ለመርዳት ብሎም ከራሱ ይጨምራል።

ባለሙያ አስተርጓሚም ቢሆን ሳይዘጋጅ ከገባ ይቸገራል። «የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ» የሚለው ምልክት ከሌለው በጣት ፊደል መዘርዘር አለበት። በግዕዝ ፊደል የተሠራው የጣት ፊደል በእጅ ቅርጽ ተነባቢውን፣ በእጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያሳያልና ረጅም ቃል ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ደብዳቤው የሥራ መዘርዝሩ ለአስተርጓሚው ቀድሞ እንዲደርሰው ይጠይቃል።

ወጪውን ማን ይችላል? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተገቢውን ማመቻቸት የማድረግ ኃላፊነትን በአሠሪው ላይ ያደርጋል፤ ከመጠን ያለፈ ጫና የሚያስከትል ከሆነ ግን ግዴታው ይላላል። የግማሽ ሰዓት አስተርጓሚ እዚያ ላይ ይደርሳል ብዬ አላምንም። ደብዳቤዋ አዋጁን የሚያነሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ማስፈራሪያ ነው።

በቅርቡ አንድ ድርጅት አስተርጓሚ መደበላት። ወንበሩን ግን ከእሷ ጎን አደረጉት፤ እጁን ለማየት አንገቷን ስታዞር ጠያቂዎቹን አጣቻቸው። እነሱም ዓይናቸውን በእሱ ላይ ተክለው «በምን ሶፍትዌር እንደሠራች ጠይቃት» ይሉት ጀመር። ተነስታ ወንበሩን ራሷ ከጠያቂዎቹ ጎን፣ ከፊት ለፊቷ አዛወረችው። ማታ ቤቷ ስትገባ በደብዳቤው ግርጌ ሁለት መስመር ጨመረች፦ «አስተርጓሚው ከእናንተ ጎን ይቀመጥ። ጥያቄውን ለእኔ አቅርቡ።»