የ41 ደቂቃው ትምህርት የት ይቆረጣል?

አንድ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ኳድራቲክ እኩልታ ሲያስተምር በስልክ የተቀረጸ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ርዝመቱ 41 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ፣ መጠኑ ወደ 250 ሜጋ ባይት ነው። በአማካይ ለአንድ ደቂቃ 6 ሜጋ ይደርሳል ማለት ነው። በዚያን ቀን ከክፍል የቀረች ተማሪ ግን የቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀመሩ ውስጥ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ። መምህሩ ይህንን ያሳየው በ5 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። ተማሪዋ የትኛው 5 ደቂቃ ተኩል እንደሆነ ስለማታውቅ ወይ ሙሉውን ታወርዳለች፣ ወይ ደግሞ ጣቷን መስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየጎተተች ትፈልጋለች። ቪዲዮው በተጎተተበት ቦታ ሁሉ አዲስ ዳታ ስለሚጠራ ፍለጋውም በነፃ አይደለም።

ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ትምህርቱን በርዕስና በደቂቃ ምልክት ወደ ምዕራፎች መክፈል ነው። ለምሳሌያችን የሚከተለውን ይመስላል፦

0:00 ክለሳ፦ ኳድራቲክ እኩልታ የቱ ነው?
4:35 በፋክተር መፍታት፦ x² + 5x + 6 = 0
13:10 ሙሉ ካሬ ማድረግ፦ x² + 6x + 2 = 0
22:48 ቀመሩ ከየት መጣ? (መጀመሪያ 13:10ን ይመልከቱ)
29:30 በቀመር መፍታት፦ 2x² + 3x − 4 = 0
35:05 መልስ የማይገኝለት መቼ ነው? x² + 2x + 5 = 0
38:50 የቤት ሥራ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የደቂቃ ምልክት ብቻውን አንድ ሜጋ እንኳ አያድንም። የሚያድነው ቪዲዮው እየተጫወተ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ነው። በዩቲዩብ 29:30 ላይ የተጫነ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጂ የመጀመሪያውን 29 ደቂቃ አይቀበልም። በቴሌግራም ግን ፋይሉን ሙሉ ለሙሉ ለማውረድ የተጫነ ተማሪ ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም 250ውን ሜጋ ይከፍላል። የሚያስተላልፈው ሰው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፤ ተማሪዎቼ በቀጥታ ያያሉ ወይስ አውርደው ያስቀምጣሉ? ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወርድ ነው። ለእሱ ምልክት ሳይሆን በየምዕራፉ የተቆረጠ ፋይል ያስፈልገዋል።

ከመቁረጡ በፊት የመቁረጫውን ቦታ ማግኘት ይቀድማል። ቪዲዮውን በ1.5 ፍጥነት እያዩ በወረቀት ላይ ደቂቃዎቹን መመዝገብ ይበቃል። የመማሪያ መጽሐፉን ንዑስ ርዕሶች ተከትሎ መቁረጥ ግን ያታልላል፤ መምህር ሲያስተምር በመጽሐፉ ቅደም ተከተል አይሄድምና። ለመቁረጥ የሚመቸው መምህሩ አዲስ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ መጻፍ የሚጀምርበት ቦታ ነው። በዚያች ቅጽበት ያለፈው ሐሳብ አልቋል፣ አዲሱ ደግሞ ከባዶ ይጀምራል። ምልክቱን ጠመኔው ሰሌዳውን በነካበት ሴኮንድ ላይ ሳይሆን መምህሩ «እሺ፣ አሁን ደግሞ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ከከፈተበት ላይ ማድረግ ይሻላል። አራት አምስት ሴኮንድ ቀድሞ መጀመር ማንንም አይጎዳም፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ የተከፈተ ምዕራፍ ግን ተማሪውን ወደ ኋላ እንዲጎትት ያስገድደዋል፣ ዳታውም አብሮ ይሄዳል።

ከድምፁ በተጨማሪ ሰሌዳውም መታየት አለበት። 29:30 ላይ መምህሩ «ከላይ እንዳገኘነው» እያለ በጣቱ የሚያመለክተው ቀመር 28ኛው ደቂቃ ላይ የተጻፈ ነው። ቀመሩ አሁንም ሰሌዳው ጥግ ላይ ካለ ምዕራፉ ብቻውን ይቆማል። ጠርጎት ከሆነ ግን ምዕራፉን ብቻ የከፈተ ተማሪ መምህሩ ወደ ባዶ ሰሌዳ ሲጠቁም ነው የሚያየው። ከመጠረጉ በፊት ያለውን ሰሌዳ በስክሪንሾት ይዞ ከፋይሉ ጋር መላክ ችግሩን ያቃልለዋል፤ አንድ ፎቶ ከአንድ ሜጋ በታች ነው። የቀመሩ አመጣጥ ግን በዚህ አይፈታም። ሙሉ ካሬ ማድረግን ያላየ ሰው 22:48ን ቢከፍት ምንም አይገባውም፤ ከርዕሱ ጎን በቅንፍ የተጻፈችው ማሳሰቢያ የመጣችውም ከዚህ ነው። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ መሃል ላይ የመቁረጥ ፈተና ሲመጣ፣ ምዕራፉ 9 ወይም 10 ደቂቃ ቢሆንም እንዳለ መተው ይመረጣል።

ርዕሱን በተመለከተ «ክፍል 5» ብሎ መጻፍ እንዳለመጻፍ ነው። ተማሪው የሚያስታውሰው የቤት ሥራ ደብተሩ ላይ ያለውን ጥያቄ ስለሆነ፣ የተሠራውን ምሳሌ እኩልታ ርዕሱ ላይ ማስፈር ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ስልክ ረጅም ርዕስን መጨረሻው ላይ ስለሚቆርጠው የሚለየው ቃል መቅደም አለበት፤ «በቀመር መፍታት» እንጂ «ኳድራቲክ እኩልታን በቀመር ስለመፍታት» አይባልም፤ ሰባቱም ርዕሶች «ኳድራቲክ እኩልታን» ብለው ከጀመሩ ስልኩ ላይ ሁሉም አንድ ይሆናሉ። መሞከሪያው ቀላል ነው። ትምህርቱን ያላየ ሰው ዝርዝሩን ብቻ ይዞ «ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ኔጌቲቭ ሲመጣ ምን አደርጋለሁ?» ሲባል 35:05ን ካልመረጠ፣ ርዕሱ እንደገና ይጻፋል።

በዩቲዩብ ላይ ዝርዝሩ የሚጻፈው በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ምልክት የግድ 0:00 መሆን አለበት፣ ምልክቶቹ ቢያንስ ሦስት ሆነው በቅደም ተከተል መቀመጥ አለባቸው፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሴኮንድ ማነስ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የስህተት መልእክት አይመጣም፤ የቪዲዮው መስመር ሳይከፋፈል ይቀራል፣ ስህተቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ለአንድ ምዕራፍ ብቻ ሊንክ መላክ ከተፈለገ ከአድራሻው መጨረሻ ላይ ሴኮንዱን መጨመር ይቻላል። 29:30 ማለት 1770 ሴኮንድ ስለሆነ &t=1770s ይጨመራል። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ሳይሆን በቀጥታ ከዚያ ይከፈታል።

በጣም የተለመደው ብልሽት የሚመጣው ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ላይ ያለውን የስም ጥሪና ጫጫታ ለመቁረጥ ሲታሰብ ነው። 2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ከፊት ከተነሣ ከ0:00 በቀር ስድስቱም ምልክቶች በዚያው መጠን ይዛባሉ፤ «በቀመር መፍታት» ሲጫን ምሳሌው ተጋምሶ ይገኛል። ስለዚህ ጫጫታውን መቁረጥ ይቀድማል፣ ምልክቱ ይከተላል።

ለሚያወርዱት ደግሞ ፋይሉን መቁረጥና በዚያው መጠኑን መቀነስ ይገባል። ኮምፒውተር ያለው መምህር ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አምስተኛውን ምዕራፍ በአንድ ትእዛዝ ያወጣዋል፦

```
ffmpeg -ss 00:29:30 -to 00:35:05 -i lesson.mp4 \
 -vf scale=-2:360 -r 15 -c:v libx264 -b:v 250k \
 -c:a aac -ac 1 -b:a 48k -movflags +faststart 05.mp4
```

የመጀመሪያው መስመር ከየት እስከ የት እንደሚቆረጥ ይናገራል። ሁለተኛው ምስሉን ወደ 360 መስመር ዝቅ አድርጎ በሴኮንድ 15 ምስል ብቻ ያስቀራል፤ ሰሌዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው የመምህሩ እጅ ስለሆነ ይህ ይበቃል። የመጨረሻው ድምፁን ወደ አንድ መስመር ያወርዳል፤ ፋይሉ ሙሉ ሳይወርድ መጫወት እንዲጀምርም ያደርጋል። ውጤቱ በደቂቃ 2.25 ሜጋ አካባቢ ነው። ተማሪዋ የምትፈልገው 5 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ወደ 12.6 ሜጋ ይወርዳል፤ ከ250 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይታያል።

ምስሉን ዝቅ የሚያደርገውን ሥራ ትተው በ -c copy ብቻ መቁረጥ ፈጣን ነው፣ ግን ወጥመድ አለው። ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ሙሉ ምስል ይይዛል፣ በመካከል ያለውን ግን የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። መቁረጫው በሁለት ሙሉ ምስሎች መካከል ካረፈ ፋይሉ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ደግሞ ድምፁ እየሄደ ምስሉ ይደርቃል። የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 10 ሴኮንድ በስልክ መክፈት ችግሩን ያጋልጠዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ማየት አይበቃም።

ምን ያህል ዝቅ ማድረግ ይቻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሿ ጽሑፍ ናት። በዚህ ትምህርት b² − 4ac ላይ ያለችው ትንሿ 2 ናት። 240 መስመር ላይ የመምህሩ ፊት በደንብ ይታያል፣ 2ቷ ግን ከጠመኔ ብናኝ አትለይም፤ ተማሪውም b − 4ac ብሎ ይገለብጣል። ያኔ 360 ይመረጣል፣ ካልሆነም ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው ይቀርባል።

ፋይሎቹ 01፣ 02 ተብለው ሲሰየሙ ስልኩ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲላኩ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ በሞባይል ዳታ ሚዲያ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን ቅንብር ሳያውቀው ከፍቶታል፤ ሰባት ፋይል በአንድ ጊዜ ሲመጣለት የሚፈልገው አንዱ ቢሆንም ሰባቱም ሊወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ የርዕስ ዝርዝሩን ከየፋይሉ መጠን ጋር በጽሑፍ አስቀድሞ መለጠፍ፣ ይህንን ቅንብር መዝጋት የሚቻልበትንም መንገድ አብሮ መንገር ይገባል። «በቀመር መፍታት፣ 12.6 ሜጋ» የሚል ጽሑፍ ያየ ተማሪ ፓኬጁ ይበቃው እንደሆነ ከማውረዱ በፊት ይወስናል። ሙሉውም ፋይል ለዋይፋይ ላላቸው ይቀመጥ፤ ተቀንሶ 93 ሜጋ ይሆናል፣ የደቂቃ ምልክቱም እዚያው መግለጫው ላይ ይጻፋል። ቴሌግራም 29:30 ተብሎ የተጻፈውን በራሱ ወደ ሊንክ ይለውጠዋል።

ምስሉን ጥሎ ድምፁን ብቻ ማስቀረት ከሁሉም ይረክሳል፤ በሴኮንድ 32 ኪሎ ቢት ሙሉው 41 ደቂቃ 10 ሜጋ አይሞላም። ለዚህ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን ከንቱ ነው፤ መምህሩ «ይሄን ወደዚህ እናሻግረዋለን» ሲል የትኛውን እንደሆነ የሚያውቀው የሚያይ ብቻ ነው። የታሪክ መምህር ስለ ዓድዋ ጦርነት ሲያስረዳ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለት ቀንና አንድ ካርታ ይሆናል። እዚያ ካርታው በፎቶ፣ ትምህርቱ በድምፅ፣ ምዕራፉም እንደተለመደው በርዕስ ተከፍሎ ይላካል።