«ያንቺ ሕይወት ነው» አይባልም፦ እናት ሁለተኛ ስታገባ

ስልኩን ብዙ ጊዜ የምትደውለው እናት ሳትሆን አክስት ናት። ጤና፣ ሥራና ብርዱ ከተጠየቀ በኋላ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «እናትህ ብቻዋን መሆኑ ከበዳት። አንድ ደህና ሰው አለ…» ትልና ዝም ትላለች። ውጭ አገር ያደገ ልጅ ይህን እንደ ወሬ ሰምቶ «እሷ ራሷ ትንገረኝ» ይላል። ነገሩ ግን ተነግሮ አልቋል። እናት ስለ ራሷ ትዳር ለልጇ አፏን ሞልታ መናገር ታፍራለች። ደግሞም ልጁ ቢቆጣ ቁጣው አክስት ላይ ይወርድና እናትየው ጋ እስኪደርስ ይበርዳል። ብልሃቱን ከጠየቃችሁኝ ጥሩ ብልሃት ነው።

የሰፈሬን አንዲት እናት ላንሳ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ ወንድ ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የፈለጓቸው ሰው ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ላኩ፤ የሴትዮዋ አባት በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌዎቹ ታላቅ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ወንድምየው «ልጆቿ ይስሙ» ብሎ መለሳቸው። አክስት ደወለች፤ ከሳምንት በኋላ እናት ራሳቸው ደወሉ።

«ሙት ዓመቱን አውጥቼ፣ ጥቁሬን ካወለቅሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የአባትህን ቦታ የሚይዝ የለም። ግን ሲመሽ ቤቱ ይከብደኛል። አንተ ካልከፋህ…» አሉት።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሐዘኑን በወጉ እንደጨረሱ ተናገሩ፤ ከሙት ዓመት በፊት የሚነገር ትዳር ሟችን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ቀጥሎ የሟቹን ክብር አስጠበቁ። ስለ ሰውየው ውበት ወይም ስለ ፍቅር አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ «ቤቱ ይከብደኛል» ማለቱ በቂ ነው። የመጨረሻው «ካልከፋህ» ደግሞ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም። ውሳኔው አልቋል፤ የቀረው ምርቃት ነው።

ልጁ «እማዬ፣ የእኔ ፈቃድ አያስፈልግሽም፣ ያንቺ ሕይወት ነው» አለ። እሱ አክብሮት መስሎታል። እሳቸው የሰሙት «አያገባኝም» የሚል ነው፤ ሁለት ቀን አለቀሱ። ቀጥሎ ደግሞ እዚያው ስልክ ላይ «ቤቱስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ያ ባሰ።

የቤቱ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ የተጠየቀበት ሰዓትና የተጠያቂዋ ማንነት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ የሟች ወራሽ አይሆኑም፤ ወራሾች መጀመሪያ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ቤቱ የጋራ ከነበረ የአባትየው ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ አልፏል። ብዙ ቤተሰብ ግን የወራሽነት ማረጋገጫ ሳያወጣ ዓመታት ያሳልፋል። የእናትየው ግማሽ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረ የግል ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። ከጋብቻው በኋላ የሚገኘው የቤት ኪራይ ግን የጋራ ይሆናል፤ የግል መሆኑ በማስረጃ ያልታየ ንብረትም እንደ ጋራ ይገመታል። መፍትሔው የጋብቻ ውል መጻፍ ነው። እናንተ ለእናታችሁ አትንገሩ፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ለአጎት ንገሩት፣ እሱ ለሽማግሌዎቹ ያነሳዋል። ደንበኛ ሽማግሌ ሳይነገረውም ያነሳዋል።

ከፍቺ በኋላ ለሚመጣ ሁለተኛ ትዳር ሌላ ጥንቃቄ አለ። አባት በሕይወት ስላለ ልጅ የመልእክት መንገድ መሆን የለበትም፤ ለአባት የሚነግር ሌላ ዘመድ ይፈለጋል። እናትም ብትሆን አዲሱን ሰው ከአባት ጋር አታወዳድርም።

ሠርጉ ትንሽ ሲሆን ተደብቆ ነው ብላችሁ አትተርጉሙ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ለድንግሎች ነው፤ ሁለቱም ቀድሞ ያገቡ ከሆኑ አክሊል ሳይደፋ ሌላ ጸሎት ይደረግላቸዋል። የሠርጉ ጊዜም የራሱ ሥርዓት አለው። ሙስሊም እናት ባሏ ከሞተባት ኢዳዋን፣ ማለትም 4 ወር ከ10 ቀን፣ ትጠብቃለች። የቤተሰብ ሕጉም ሴት ከቀድሞ ጋብቻዋ መፍረስ በኋላ 180 ቀን እንድትቆይ ያዝዛል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አይኖርባትም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ አክስቱ ከመከረችው በኋላ እንደገና ደወለ። «እማዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጋሼን አገናኚኝ» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግም። «አባዬ» ማለት አይጠበቅባችሁም፣ ማንም አይጠብቅም። በመጀመሪያው ስልክ ግን ሰውየውን «አንተ» አትበሏቸው።