አሬራ ሲጠፋ፣ እንቁላል ሲያልቅ

ፓንኬክ ለመጋገር ዱቄቱን ነፍታችሁ ሶዳውን ጨምራችሁ አሬራ ስትፈልጉ የለም እንበል። ብዙ ሰው በምትኩ ወተት ይጨምርበታል። ሊጡን አይቶ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። ተጋግሮ ሲቀመስ ግን ፓንኬኩ ሳይነፋ ይቀርና ሳሙና ሳሙና ይላል።

ጉዳዩ ከሶዳው ነው። ሶዳ በደንብ የሚያነፋው ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ነው። አሬራ ከእርጎ ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ስለሆነ ኮምጣጣነቱ አብሮት አለ፤ ያልረጋ ወተት ግን ያ የለውም። ሶዳው የሚያሸንፈው ሳያገኝ ሊጡ ውስጥ ይቀራል፣ የሳሙናው ጣዕምም ከዚያ ይመጣል።

መላው ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ በአንድ ኩባያ ወተት ውስጥ ጨምሮ አሥር ደቂቃ ማቆየት። ወተቱ ቋጠር ቋጠር ካለ ሠርቷል፤ እንደ አሬራ አይወፍርም፣ ለሊጥ ግን ይበቃል። እርጎ ካለ ከዚህም ይሻላል፦ ሦስት አራተኛ ኩባያ እርጎ በውኃ አቅጥኖ ኩባያውን መሙላት ነው። ሎሚም እርጎም ከሌለ ግን ወተቱን ትቶ ሶዳውን መለወጥ ይቻላል። ለግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ፓውደር ይተካል፤ እሱ የሚያስፈልገውን ኮምጣጣ ነገር በውስጡ ይዟል።

እንቁላሉም ካለቀ፣ ወይም ወቅቱ ጾም ከሆነ፣ ተልባ አለላችሁ። (በጾም ወተቱም በአኩሪ አተር ወተት ይተካል፤ ሎሚው ያንንም ያኮመጥጠዋል።) አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። ማንኪያው ሲነሣ እንደ እንቁላል ነጭ ከተዝለገለገ ደርሷል፤ የአንድ እንቁላል ቦታ ይይዛል። ያልተፈጨ ተልባ ግን ዱቄቱን አያያይዝም። ለመጠጥ በደንብ የተቆላውም ጣዕሙ ጎልቶ ስለሚወጣ፣ ለፓንኬክ ገና ያልተቆላ ወይም ለስለስ ብሎ የታመሰው ይመረጣል።

ተልባ ሊጡን ያያይዛል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ስለዚህም መሐሉ ዘግይቶ ይበስላል። እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ ትንሽ ጨምሩለት። አስኳል ስለሌለው መልኩም ነጣ ይላል፣ አልበሰለም ብላችሁ እንዳታሳርሩት።

እንቁላል የሚሠራውን ሁሉ ግን አይሠራም። ተመትቶ አረፋ መሆን አይችልም። አራትና አምስት እንቁላል ተመትቶ በአረፋው ብቻ የሚነሣ ስፖንጅ ኬክ በተልባ ከተሠራ እንደ ጭቃ ተኝቶ ይወጣል፤ ለእሱ ሱቅ ወርዶ እንቁላል መግዛት ይሻላል።