የቦይንግ ዳይሬክተሮች 237.5 ሚሊዮን ዶላር ከማን ኪስ ወጣ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያም የዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ዜና ተሰማ፦ የቦይንግ የቀድሞና የወቅቱ የቦርድ አባላት የቀረበባቸው ክስ በ237.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ሊዘጋ ነው።

ዜናውን በጨረፍታ ለሰማ ሰው ሦስት ግምቶች ቀርበው ይታዩታል። ገንዘቡ ለሟች ቤተሰቦች የተሰጠ ካሳ ነው፤ ወይም ዳይሬክተሮቹ ከኪሳቸው አውጥተውታል፤ ወይም ኩባንያው ከፍሎላቸዋል። አንዱም ልክ አይደለም። ገንዘቡ የወጣው ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነው፤ የሚገባው ደግሞ፣ የጠበቆች ክፍያ ተቀንሶ፣ ወደ ራሱ ወደ ቦይንግ ካዝና ነው።

ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው ከሳሹ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የሟች ቤተሰቦች ቦይንግን የከሰሱት በሌላ መዝገብ ነበር። ይኼኛውን ያቀረቡት ባለአክሲዮኖች ናቸው፤ ከፊት የቆሙትም የኒውዮርክ ግዛት የጡረታ ፈንድና የኮሎራዶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የፖሊሶች ጡረታ ማኅበር ነበሩ። የከሰሱት ግን ለራሳቸው ገንዘብ ለመቀበል አልነበረም። «ኩባንያው በዳይሬክተሮቹ ተጎድቷል፤ ራሱ ስለማይከሳቸው እኛ በስሙ እንከሳለን» ነው ያሉት። በክሱ ዝርዝር መሠረት ቦርዱ የአውሮፕላን ደኅንነትን የሚከታተል ኮሚቴ አልነበረውም፤ ደኅንነትም የቦርዱ ቋሚ አጀንዳ አልነበረም። ቦይንግ በሕግ የተመሠረተው በደላዌር ግዛት በመሆኑ ጉዳዩ የታየው በዚያው ግዛት ፍርድ ቤት ነበር፤ ዳኛዋም በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. በዳይሬክተሮቹ ላይ የቀረበው ዋናው ክስ እንዲቀጥል ወሰኑ። የስምምነቱ ዜና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዳይሬክተሮቹ ጥፋት አላመኑም።

«ኩባንያ ለዳይሬክተሮቹ ሁሉን ይከፍላል» የሚለው እምነት የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ በቸልተኝነት ገንዘብ አጠፋ እንበል። አባላቱ ይተካ ብለው ፈረዱበት፣ ተካም። በማግስቱ ያው ገንዘብ ከዚያው ሣጥን ወጥቶ «ለደረሰብህ ወጪ» ተብሎ ቢሰጠው ፍርዱ ምን ነበር? የደላዌር የኩባንያ ሕግ አንቀጽ 145 ይህንን ዙሪያ ጥምጥም ይዘጋል። ክሱ በኩባንያው ስም የቀረበ ከሆነ ኩባንያው ለዳይሬክተሩ ሊተካ የሚችለው የጠበቃና መሰል ወጪዎችን ብቻ ነው። የፍርዱን ወይም የስምምነቱን ገንዘብ አይችልም። ዳይሬክተሩ ለኩባንያው ተጠያቂ ነው ተብሎ ከተፈረደበት ደግሞ፣ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በስተቀር፣ የጠበቃ ወጪውም ይቀርበታል።

ከሳሹ የውጭ ሰው ሲሆን መልኩ ይለወጣል። አንድ ተፎካካሪ ድርጅት «ውሌን አፍርሰውብኛል» ብሎ ዳይሬክተሩን በግል ቢከሰው ኩባንያው የጠበቃውንም፣ የፍርዱንም፣ የስምምነቱንም ገንዘብ ሊተካለት ይችላል። መለኪያው ቅን ልቦና ነው፦ ዳይሬክተሩ ለኩባንያው ይበጃል ብሎ በምክንያት አምኖ ማድረጉ። ይህን የሚወስኑት በክሱ ውስጥ የሌሉ የቦርድ አባላት፣ ገለልተኛ ጠበቃ ወይም ባለአክሲዮኖቹ ናቸው። ክሱን ካሸነፈ ግን ምርጫ የለም፤ ኩባንያው የመከላከያ ወጪውን የመተካት ግዴታ አለበት።

በመሐል አንድ ብዙዎችን የሚያናድድ ነገር አለ። «በማጭበርበር የተጠረጠረ ሰው ከኩባንያው ሳንቲም አያገኝም» ይባላል። ጠበቃ ግን ፍርድ እስኪሰጥ አይጠብቅም፤ ወር በወር ይከፈለዋል። ስለዚህ ሕጉ ኩባንያው ወጪውን በቅድሚያ እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ የማይገባው ሆኖ ከተገኘ ሊመልስ ፈርሞ። ብዙ ኩባንያዎች ደግሞ በመተዳደሪያ ደንባቸው ይህን ግዴታ አድርገውታል፤ ሰው ወደ ቦርድ ሲጋብዙ ማማለያ ነውና። ሆምስቶር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የቀድሞ ሹሙ ገንዘቡን ውድ ቤት ገዝቶ ሸሸገ፣ ስለዚህ አልከፍልም ብሎ ተከራክሮ ነበር። የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ቃልህን ጠብቅ አለው። መጀመሪያ ደንቡን ሲጽፉ ማሰብ ነበረባቸው።

ታዲያ ኩባንያው መክፈል ካልቻለ የቦይንግ 237.5 ሚሊዮን እንዴት በኢንሹራንስ ተከፈለ? «ኩባንያው የማይችለውን ኢንሹራንሱም አይችልም» የሚለው እምነት ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው አንቀጽ 145 ኩባንያው ራሱ ሊተካው ለማይችለው ተጠያቂነት እንኳ መድን እንዲገዛ በግልጽ ይፈቅዳል። የዕድሩ ሣጥን አይነካም፤ ከውጭ ሌላ ገንዘብ ይገባበታል።

የመድን ውሉ በሙያተኞች ዘንድ ሳይድ ኤ፣ ሳይድ ቢ፣ ሳይድ ሲ በሚባሉ ክፍሎች ይታወቃል። ሳይድ ቢ ኩባንያው ለዳይሬክተሩ የተካውን ለኩባንያው ይመልሳል። ሳይድ ሲ ኩባንያው ራሱ ሲከሰስ ነው፤ በአብዛኛው ከአክሲዮን ሽያጭ ጋር ለተያያዘ ክስ። ኩባንያው በሕግ ተከልክሎ ወይም ከስሮ መክፈል ሲያቅተው በቀጥታ ለዳይሬክተሩ የሚደርሰው ሳይድ ኤ ነው። ችግሩ ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚቀዱት ከአንድ ገንዳ መሆኑ ነው። ኩባንያው በሳይድ ሲ ብዙውን ከጠጣው ለግለሰቦቹ የሚቀረው ጭላጭ ነው፤ ጠንቃቃ ዳይሬክተሮች ለእነሱ ብቻ የተለየ ተጨማሪ የሳይድ ኤ ውል የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

መድኑም ቢሆን ልጓም አለው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማጭበርበርን አይሸፍንም፤ ሆኖም ብዙዎቹ ውሎች ይህ የሚሠራው ጉዳዩ በመጨረሻ ፍርድ ሲረጋገጥ ነው ይላሉ። በስምምነት የተዘጋ ክስ የመጨረሻ ፍርድ የለውም። እንዲህ ያሉ ክሶች ፍርድ ሳይደርሱ በድርድር የሚያልቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ተጠያቂነት በግልጽ እንዲነገር የሚፈልግ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ሌላው ልጓም ጊዜ ነው። እንደ መኪና መድን አደጋው የደረሰበት ቀን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ክሱ የመጣበት ቀን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የሠሩት ስህተት በ2021 ቢያስከስስ የሚሠራው የ2021 ውል ነው። ስለዚህ ኩባንያ ሲሸጥ ለቀድሞዎቹ ዳይሬክተሮች በተለምዶ ለስድስት ዓመት የሚቆይ ማራዘሚያ ይገዛል። ያለ ማራዘሚያ የወጣ ዳይሬክተር ለዓመታት አረቦን የተከፈለለት መድን ክሱ ሲመጣ አብሮት ላይኖር ይችላል።

«ኢንሹራንስ ካለ የግል ኪስ አይነካም» ለሚሉ ደግሞ ዎርልድኮም አለ። ይህ የስልክ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. በሐሰተኛ ሒሳብ ተንኮታኩቶ ኪሳራ አወጀ። ከሳሾቹ የውጭ ዳይሬክተሮቹ ከገዛ ገንዘባቸው ካላወጡ አንስማማም አሉ። በ2005 የተደረሰው ስምምነት 60.75 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 36 ሚሊዮኑን ኢንሹራንስ ሲከፍል ቀሪውን 24.75 ሚሊዮን አሥራ ሁለቱ ሰዎች ከራሳቸው አወጡ። በዚያው ዓመት የኤንሮን ዳይሬክተሮች ስምምነትም ከ168 ሚሊዮን ውስጥ 13ቱ ሚሊዮን ከግለሰቦች ኪስ የወጣ ነበር። በሁለቱም ኩባንያው ከስሯል፣ የሚተካም የለም። ቦይንግ ግን አልከሰረም፤ መድኑም ለተስማሙበት ገንዘብ በቃ፤ የጡረታ ፈንዶቹም ከገንዘቡ ሌላ በአቪዬሽን ደኅንነት ልምድ ያለው አዲስ ዳይሬክተር እንዲጨመር ጠይቀው ተስማሙ።