ስንጥቅ ለመድፈን አሥር ቀን?

ደባርቅ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከመጪው ሰኞ ጠዋት ጀምሮ ጋኑ ለጥገና ባዶ ስለሚደረግ ለአሥር ቀን ያህል ውሃ በፈረቃ ነው። ጥገናው ላይ እንደምሠራ የሚያውቁ ሁሉ ቦኖ ጋ ያዙኝ፦ «ለአንዲት ስንጥቅ አሥር ቀን?» እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ጋኑ ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ነው። ማፍሰሱን ያወቅነው ማታ የመግቢያውንም የመውጫውንም ቫልቭ ዘግተን ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት በማድረግ ነው። ጠዋት 6 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘነው። ጋኑ 3 ሜትር ጥልቀት ኖሮት 100 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ያቺ 6 ሳንቲ ሜትር 2,000 ሊትር ናት፤ በአንድ ሌሊት 100 ጀሪካን! ቫልቩ አሳልፎ እንዳይሆን ብለን ቧንቧው ላይ ጆሯችንን ጥደን አዳመጥን፤ ጭጭ ብሏል።

ስንጥቁን ላይ ላዩን ብንለስነው ልስኑ ከአሮጌው ኮንክሪት ተላቆ ይወድቃል። ስለዚህ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሮ እንገባና፣ አቧራውን ጠርገን፣ አርጥበን በሲሚንቶ እንጠቀጥቀዋለን። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የተቀሩትን ቀናት የሚወስደው ሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ እንጂ ሲደርቅ ስላልሆነ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። የእኛ የደጋ ሌሊት ደግሞ ያዘገየዋል። ቸኩለን ብንሞላው በዓመቱ እዚያው ነን።

በመጨረሻ ጋኑ ታጥቦ ግድግዳው በጠንካራ የክሎሪን ውሃ ይወለወላል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለቀለቃል። ጋኑን ሞልቶ ክሎሪን ጨምሮ ማሳደርም ይቻላል፤ ግን ያ ሁሉ ውሃ ኋላ የሚደፋ ነው፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ያስቆጫል።

እስከዚያ ፓምፑ በቀጥታ ወደ መስመሩ ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል፤ ከፍታ ላይ ያላችሁ ደግሞ ቀጭን ነው የምታገኙት፤ በፈረቃችሁ ቶሎ ቅዱ።

አንድ ነገር አደራ፦ የቧንቧችሁን ጎማ በርሜል ውስጥ ነክራችሁ አትተዉ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ይስባል፤ የእናንተ በርሜል እጣቢ ጎረቤት ቤት ይደርሳል።

ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ አየር እየተፋ ይመጣል፣ ቆጣሪውንም በከንቱ ያሽከረክረዋል። ቧንቧውን በቀስታ ክፈቱ፤ የደፈረሰውን ለልብስ አድርጉት። የሚጠጣውን ካፈላችሁ፣ እኛ ጋ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ውሃ ገና 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል፤ ፈላ ብላችሁ ወዲያው አታውርዱት፣ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።