ዱባይ ላይ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ሲላችሁ

የዛሬው የቡናና የሰሊጥ ዋጋ ጠዋት ወጥቷል፤ ይሄኛው ሌላ ዓይነት ዋጋ ነው። ሰሞኑን ለኤግዚቢሽን ወደ ዱባይ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ፣ ስለ ካርድም በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ነው። እኔ ራሴ የተበላሁበትን ነገር ላስረዳችሁ።

ከአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ጋር ገዢ ለማግኘት ሄደን ነበር። ለሁለት ክፍል የመጣብን ሂሳብ 4,407 ድርሃም ነው። ካሸሩ ካርዴን አስገብቶ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፦ አንዱ AED 4,407.00፣ ሌላው USD 1,259.14። ካሸሩ ፈገግ ብሎ «በዶላር ይሻልዎታል» አለኝ። ጋሼም ከጎኔ ሆነው «ልጄ፣ ዶላር የተጫነ ካርድ ይዘን በሰው አገር ገንዘብ ለምን እንከፍላለን? በዶላር በለው» አሉ። ለኔም ልክ መሰለኝ፣ ዶላሩን ነካሁ።

ማታ ኤርፖርት ላይ ለትርፍ ኪሎ ስከፍል ካርዱ «በቂ ሂሳብ የለም» አለ። ጥቂት ዶላር ነው የጎደለው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደረሰኞቹን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ።

ድርሃም ከዶላር ጋር ከ1997 (በፈረንጅ) ጀምሮ በቋሚ ምንዛሬ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም። ስለዚህ 4,407ን ለ3.6725 ስታካፍሉት ድፍን 1,200 ዶላር ይመጣል። እኔ የከፈልኩት 1,259.14 ነው። ደረሰኙ ታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ምንዛሬ 3.50 ይላል። 59 ዶላር ከ14 ሳንቲም፣ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ፣ አንድ ቁልፍ በመንካት ሄደ ማለት ነው። በቡና ቋንቋ ላስቀምጠው፦ 3.6725 የኒውዮርክ ዋጋ ነው በሉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ዲፈረንሻል ነው። ማሽኑ ግን ዲፈረንሻሉን ለብቻው ጎላ አድርጎ አያሳያችሁም፣ ጥቅል ዋጋ ነው የሚያቀርበው።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እንይ። በድርሃም ስትከፍሉ ወደ ባንካችሁ የሚላከው 4,407 ድርሃም ነው። መንገድ ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በዕለቱ ምንዛሬው ወደ ዶላር ይቀይረዋል፤ ለድርሃም ይሄ ምንዛሬ ከቋሚው ብዙም አይርቅም። ከዚያ የራሳችሁ ባንክ ኮሚሽኑን ይጨምርበታል። በዶላር ስትከፍሉ ግን መመንዘሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያልቃል። መንዛሪዎቹ የሆቴሉ ባንክና አብሮት የሚሠራ ድርጅት ናቸው፣ ምንዛሬውንም የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ከትርፉ ለነጋዴውም ይደርሰዋል፤ «በዶላር ይሻልዎታል» የሚለው ምክር ከዚህ ነው የሚመጣው። ሚዛኑም ዋጋውም በገዢው እጅ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለናንተ አልነግርም።

ጋሼ የተሳሳቱት ካርዱ ላይ ያለው ዶላር ስለሆነ በዶላር ከተከፈለ ምንዛሬ አይኖርም ብለው ነው። ሆቴሉ ግን ክፍሉን የሸጠው በድርሃም ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ አንድ ጊዜ መመንዘሩ አይቀርም፤ እናንተ የምትመርጡት መንዛሪውን ብቻ ነው።

«ባንኬ ኮሚሽን ይወስድብኛልና ከዚያ ማሽኑ ይሻለኛል» የሚል ሰው አለ። ስሌቱን እንሥራው። ባንካችሁ በሌላ ገንዘብ ለተከፈለ ሂሳብ 2 በመቶ ይወስዳል እንበል (የየባንኩ ይለያያል፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ)። በድርሃም ብከፍል ኖሮ 1,200 ሲደመር 24፣ 1,224 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። አሁንም ከ1,259 በ35 ዶላር ይቀንሳል። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ባንክ ኮሚሽኑን የሚያስበው ሻጩ ውጭ አገር በመሆኑ ነው፤ በዶላር ብትከፍሉም ይቆርጣል። ያኔ 1,259.14 ላይ 2 በመቶ ሲጨመር 1,284 ይደርሳል። ማሽኑን መምረጥ የሚያዋጣው የባንካችሁ ኮሚሽን ማሽኑ ከጫነው በላይ ሲሆን፣ በዶላር ስትከፍሉም ያ ኮሚሽን የሚቀር ከሆነ ነው። ስለዚህ ባንኩን የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ በመቶ ስንት እንደሚቆርጥ፣ እና ውጭ አገር በዶላር ብከፍልም ይቆርጣል ወይ የሚለውን።

ኤቲኤም ላይ ወጥመዱ ቃሉ ላይ ነው። ብሩን ከጠየቃችሁ በኋላ Accept conversion እና Decline conversion የሚል ይመጣል። Decline የሚለውን ስታዩ «ገንዘቡን ይከለክለኛል» ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚከለከለው ምንዛሬው ብቻ ነው፣ ገንዘቡ በድርሃም ይወጣል። ማሽኑ በዚህ ምክንያት ካርድ አይውጥም። ለዶላር የተሰጠው ቁልፍ አረንጓዴና ትልቅ፣ ሌላው ግራጫ ሆኖ ብታዩትም አትደናገጡ።

ሆቴል ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍል ስትይዙ በሚያስፈርሟችሁ ወረቀት ላይ «ሂሳቡ በካርድዎ ገንዘብ እንዲመነዘር ተስማምቻለሁ» የምትል ትንሽ ሣጥን ልትኖር ትችላለች። እሷ ላይ ምልክት ካለ ስትወጡ ማንም ሳይጠይቃችሁ በዶላር ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ገና ስትገቡ «በድርሃም ነው የምከፍለው» በሉ፣ ሣጥኗንም ሰርዙ።

ካሸሩ ራሱ መርጦ ካገኛችሁትስ? በቪዛም በማስተርካርድም ደንብ ምርጫው የባለካርዱ ነው፣ ነጋዴው ሊመርጥላችሁ አይችልም። ማወቂያው ደረሰኙ ነው፦ ድርሃምም ዶላርም በአንድ ላይ ካለበት፣ መሐሉም ላይ ምንዛሬ ከተጻፈ፣ ተመንዝሯል ማለት ነው። ከፊቱ ሳትንቀሳቀሱ VOID አድርጎ በ AED እንደገና እንዲያስከፍል ጠይቁ። ያኔውኑ ቀላል ነው። እኔ ግን ኤርፖርት ደርሼ ነው ያየሁት፤ በዚያ ላይ ቁልፉን የነካሁት ራሴ ስለሆንኩ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም።

ይሄ ስሌት ለዱባይ ብቻ አይደለም። የሳዑዲ ሪያልም በ3.75 ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ለወደብ ጉዳይ ጅቡቲ የምትመላለሱም የጅቡቲ ፍራንክ 177.721 መሆኑን ያዙ። በነዚህ አገሮች ሂሳቡን በስልካችሁ አካፍላችሁ ስክሪኑ ላይ ካለው ዶላር ጋር ማስተያየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዩሮ ግን ቋሚ አይደለም፤ አውሮፓ ስትሄዱ የዕለቱን ምንዛሬ ከቪዛ ወይም ከማስተርካርድ ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ጋሼን ባለፈው ሳምንት ደውዬላቸው ነበር። ለሚቀጥለው ጉዞ የዩኒየኑ ካርድ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ 3.67 ብለው ጽፈውበታል። የነገው ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት።