ዳዶው ጠብቆ ጎማው የሚላላው ለምንድን ነው?

ጎሚስታው መስቀለኛ መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰክቶ ሙሉ ክብደቱን በእግሩ ሲጥልበት የመኪናው ባለቤት ልቡ ያርፋል። እንዲህ ከታሰረ ወዲያ የሚላላ ነገር ያለ አይመስለውም። ሆኖም ጎማ ባስቀየረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከወደ ጎማው «ቷ፣ ቷ» የሚል ድምፅ መስማት የጀመረ ሹፌር ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ጎሚስታው ይረገማል፤ «ሳያጠብቅ ነው የለቀቀኝ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ዳዶው ጠብቆ ነበር። ያልጠበቀው ቸርኬው ነው።

ልዩነቱን ለማየት አዲስ አበባን የሞላውን ቶዮታ ቪትዝ እንውሰድ። ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚያርፍበት ክብ ብረት፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ብሎኖች ወጥተዋል። ቸርኬው በእነሱ ላይ ይሰካና አራት ዳዶ ይታሰርበታል። ላየው ሰው መኪናው በብሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ነገሩ ሌላ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ብሎኑ እንደ ጠንካራ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጥና ተመልሶ ለማጠር ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ያጣብቀዋል። በትክክል የታሰረ አንድ የቪትዝ ብሎን በግምት አራት ቶን በሚያህል ኃይል ይጫናል። አራቱ ሲደመሩ ዐሥራ ስድስት ቶን ገደማ ይሆናሉ፤ መኪናው ራሱ እኮ ከነሰዉ አንድ ቶን ቢያልፍ በትንሹ ነው። ጎማውን የሚይዘው ይህ መጣበቅ ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ መንሸራተት ስለማይችል ጉድጓዱም ፍሬኑም መታጠፊያውም ብሎኑን ከጎን አይመቱትም።

ይህን ሁሉ ኃይል የሚሰጠው የብሎን መለጠጥ ታዲያ ስንት ቢሆን ነው? ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያነሰ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በቸርኬውና በሞዞው መካከል አንድ ነገር ገብቶ ኋላ ቢደቅቅና ክፍተቱ በዚያችው ልክ ቢቀንስ፣ ብሎኑ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። ዳዶውን ማንም አልነካውም፤ የዐሥራ ስድስቱ ቶን ኃይል ግን ጠፍቷል።

መካከል ገብቶ የሚደቅቀው ምንድን ነው ቢሉ፣ ጎማ ሲፈታ ሞዞውን ዝቅ ብሎ ማየት ነው። ቅርፊት የሠራ ዝገት አለ፤ የክረምት ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል፤ ጠጠርም አይጠፋም። ጎማው ሳይፈታ ዓመት በቆየበት ጊዜ ይህ ሁሉ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። ሲፈታ ቅርፊቱ ይነሣል፣ ይገለበጣል፣ ቸርኬውም ከነበረበት ትንሽ ዞሮ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ጎማ የሚላላው ከተቀየረ በኋላ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ቀለም ነው። ቸርኬ እንዲያምር ተብሎ ፊትና ጀርባው በስፕሬይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ ዳዶው የሚቀመጥበት ቀዳዳ ሳይቀር። ቀለሙ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፣ ዳዶውም ላዩ ላይ ሲታሰር ጥብቅ ይላል። መኪናው ሄዶ ቸርኬው ሲሞቅና ሲጨነቅ ግን ቀለሙ እየተፈጨ ይወጣል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ መንገድ ዳር ከሚሠራ ስሕተት ሁሉ በጣም የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ሥራው ጸድቶና አምሮ ስለሚታይ የሚጠረጥረው የለም።

መጣበቁ ከጠፋ በኋላ ዳዶው ራሱን በራሱ ይፈታል። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የታሰሩ ሁለት ነገሮች ከጎን ወደ ጎን በጥቂቱ መንሸራተት ከጀመሩ የዳዶው ጥርስ በብሎኑ ላይ ያለው መያዣ ይለቅና ዳዶው ያለ መፍቻ ወደ ኋላ ይዞራል። የመኪና ጎማ በዞረ ቁጥር ቸርኬውን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ እስኪወልቅ ድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ቅደም ተከተሉም የተፈለገው ለዚሁ ነው። ቪትዙን እንደገና እንመልከት። ከታች በኩል የደረቀ ጭቃ ተጣብቆ ቀርቷል እንበል። ጎሚስታው የላይኛውን ዳዶ እስከ መጨረሻው አጠበቀ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን አጠበቀ። ቸርኬው ከላይ በኩል ከሞዞው ጋር ገጠመ፣ ከታች ግን ጭቃው ላይ ተደግፎ ዘመመ። የቆርቆሮ ቸርኬ ቀዳዳ ጠርዙ ሾጣጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ዳዶ ቸርኬውን ወደ ራሱ ስቦ ከመካከሉ አውጥቶታል። አሁን የታችኛው ሲታሰር ከጭቃውም ጋር፣ ከሾጣጣው ጠርዝም ጋር ይታገላል። መፍቻው ይከብዳል፤ ጎሚስታውም «ጠበቀ» ይላል። የከበደው ግን በመፋተጉ እንጂ ቸርኬው ስለገጠመ አይደለም። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቸርኬው ይገጥምና ሁለቱ ዳዶዎች ይላላሉ።

ስለዚህ አራት ዳዶ ያለው ጎማ በመስቀል ይታሰራል፦ የላይኛው፣ ከዚያ የታችኛው፣ ቀጥሎ ግራው፣ በመጨረሻ ቀኙ። አምስት ከሆነ በኮከብ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ከ1 እስከ 5 ብትቆጥሯቸው ቅደም ተከተሉ 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4 ይሆናል። ስድስት ያለው የሃይሉክስ ዓይነት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ትይዩው መሻገር ነው። ዋናው ነገር ግን አንዱንም በአንድ ዙር እስከ መጨረሻው አለመጨረስ ነው። ጎማው ገና በክሪክ ላይ እያለ ሁሉም ዳዶ በመጀመሪያ በእጅ ይሽከረከራል፤ በጣት የማይገባ ዳዶ ጥርሱ ተበላሽቷል ወይም ተዛንፏል፣ በመፍቻ አይገደድም። ቀጥሎ ቸርኬው እስኪገጥም በቀስታ በመስቀል ይታሰራል። ከዚያ ክሪኩ ወርዶ ጎማው እንዳይዞር መሬት ሲነካ፣ አንድ ዙር በግማሽ ኃይል፣ ሌላ ዙር በሙሉ ኃይል ይጠብቃል። የኋለኛው ዳዶ ሲጠብቅ የፊተኛው ስለሚላላ የመጨረሻውን ዙር አንድ ጊዜ መድገም አይከፋም።

ሙሉ ኃይል ስንት ነው? ለቪትዝና ለኮሮላ የቶዮታ መመሪያ የሚሰጠው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካው ቶርክ መፍቻ ነው፤ በተሞላለት ልክ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። የሌለው ሰው ነገሩን በእጁ ሊገምተው ይችላል፦ 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። አንድ ጎልማሳ በሁለት እጁ አጥብቆ ሲገፋ የሚያገኘው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎሚስታ በዚያው መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም እጥፉን ይጭናል፤ ሲዘልበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በአየር የሚሠራው መፍቻ እስኪበቃው ከተለቀቀ ከሁሉም ይብሳል። ከልክ በላይ የተሳበ ብሎን እንደ ሞላ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ተስቦ ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ሲታሰር መያዝ ያቅተዋል፣ ወይም ሳይታሰብ ይቆረጣል። አለመጠን ወይም አለእኩል መጥበቅ የፍሬን ዲስኩንም ስለሚያጎብጠው፣ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ከእግር በታች ይርገበገባል።

ስለ ግራሶም አንድ ነገር ልበል። «ኋላ ለመፍታት እንዲቀል» ተብሎ ብሎን ላይ ግራሶ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። በደረቅ ብሎን ላይ መፍቻው ከሚጨርሰው ጉልበት ዘጠኝ እጁ ያህል በመፋተግ ያልቃል፤ ብሎኑን የሚስበው አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ግራሶው መፋተጉን ሲቀንስ ያው 103 ብሎኑን ከታሰበው እጅግ አብልጦ ይስበዋል። ቶዮታ በመመሪያው ዘይትና ግራሶ አትቀቡ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኑ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና ደረቁን ይታሰር።

ቸርኬ የቀየረ ሰው ደግሞ ዳዶውንም ማየት አለበት። የቆርቆሮ ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ብዙ የቶዮታ አሎይ ቸርኬዎች ግን ጠፍጣፋ፣ ከነዋሸሩ የሚቀመጥ ዳዶ ይፈልጋሉ። የድሮውን ሾጣጣ ዳዶ እዚያ ላይ ቢያስሩት ቀዳዳውን በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይነካዋል፤ አልሙኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል።

የላላ ጎማ ምልክቱ ይታወቃል። በዝግታ ሲኬድ ከጎማው መዞር ጋር እኩል የሚመታ ድምፅ ይሰማል፤ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል አያታልላችሁ። የፊት ጎማ ከሆነ መሪው ይንቀጠቀጣል። ወርዶ ለሚያይ፣ ከዳዶው ሥር ወደ ውጭ የተረጨ የዝገት መስመር፣ ወይም በቀዳዳው ዙሪያ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ብረት ይታያል። ቸርኬው እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፤ መኪናው እዚያው ይቁም።

ሞዞውና የቸርኬው ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው የታሰሩም ቢሆኑ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና መታየት አለባቸው። ጠዋት ጎማ አስቀይሮ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ቢሾፍቱ ላይ ቢያያቸው ጥሩ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት በፍሬን የወረደ ግን ሞዞው እስኪቀዘቅዝ ይታገሥ፤ ብረቱ ግሎ እያለ የሚገኘው ልክ የተሳሳተ ነው። ሲፈተሽ ዳዶው መጀመሪያ ተላልቶ እንደገና አይታሰርም። ቶርክ መፍቻው በ103 ተሞልቶ በዚያው በመስቀል ቅደም ተከተል ይጫናል፤ ዳዶው ሳይንቀሳቀስ «ቀጭ» ካለ ደህና ነው። ትንሽ ከዞረ ቸርኬው ተደላድሏል፤ ከሌላ 50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ይታይ። ያኔም ከዞረ ግን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ጎማው ይውለቅ፤ ቀለም፣ ዝገት፣ የሰፋ ቀዳዳ ወይም ተስቦ የቀረ ብሎን ሳይኖር አይቀርም።